«እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ»፦ የአንዲት «እንኳን» ቦታ

ባለፈው ክረምት በአንዲት ዘመዳችን የምርቃት ድግስ ላይ መድረኩን የሚመራው ወጣት ተመራቂዋን ሊያሞግስ ፈለገና ድምፁን ከፍ አድርጎ «አባቶቻችን እንደሚሉት፣ ዘንቦብሽ እንኳን ጤዛ ነሽ!» አለ። ጭብጨባው ደመቀ። ከጎኔ የተቀመጡት የልጅቷ አያት ግን እጃቸውን ከጭናቸው ላይ አላነሡም፤ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ምን አድርጋው ነው?» ሲሉ በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

ወጣቱ ክፋት አላሰበም። ዝናብና ጤዛ በአንድ ላይ ሲጠሩ ሰምቶ፣ አባባሉ ልምላሜን የሚያወድስ መስሎታል። ይሁን እንጂ «እንኳን»ን ከፊት አንሥቶ ከኋላ ስላስቀመጣት፣ ልጅቷ አራት ዓመት ሙሉ ትምህርት ዘንቦባት ከጤዛ ያለፈ እርጥበት ያልያዘች ሆና ተመረቀች። አያትየው የሰሙት ይህንኑ ነው፤ የሰሙትም በትክክል ነው።

አባባሉ ሲነገር የኖረው «እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ» ተብሎ ነው። ምክንያት ሳይጨመርበት ገና ከመነሻው እንዲያ የሆነ ሰው፣ ደግሞ ምክንያት ሲያገኝ ይነገርበታል። ሳይቆጡት የሚያለቅስ ልጅ ሲቆጡት፣ በደህናው ቀን ዋጋ የሚቆልል ነጋዴ ነዳጅ ጨመረ ሲባል፣ ሳይታመም ከአልጋ የማይነሣ ሰው ጉንፋን ሲይዘው አባባሉ ይመዘዛል። ብዙ ጊዜ ሙሉውን መናገር እንኳ አያስፈልግም፤ «እንኳን ዘንቦብሽ…» ብሎ ማቆም ይበቃል፣ የቀረውን ሰሚው ራሱ ይሞላዋል።

የአባባሉ ኃይል ያለው በ«እንኳን» ቦታ ነው። ይህች ቃል ከአንድ ቃል በኋላ ስትቆም ክብደቷን ወደ ኋላዋ፣ ማለትም ወደ ቀደማት ቃል ትጥላለች። «ዘንቦ እንኳን አልበቀለም» ያለ ገበሬ፣ ዝናቡ ዘንቧል፤ ከዝናብ በኋላ ይጠበቅ የነበረው ቡቃያ ግን የለም። «ዝናብ እንኳን አልዘነበም» ካለ ደግሞ፣ ከሁሉ ያነሰው የሚጠበቀው ነገር ዝናብ ሆኖ እርሱም ቀርቷል ማለቱ ነው። ከፊት ስትቀድም ግን ነገሩ ይገለበጣል። «እንኳን ዘንቦ» ማለት «ዘንቦማ ይቅርና» ማለት ነው፤ የተከተላትን ቃል ወደ ጎን ገፍታ፣ ሙሉውን ክብደት ገና ወዳልተነገረው ወደ ሁለተኛው ሐረግ ታሻግረዋለች። ሰሚው ጆሮውን አቁሞ የሚጠብቀው ለዚህ ነው፤ «እንኳን ዘንቦብሽ» ሲባል ዋናው ነገር ገና እንደሚመጣ ያውቃል።

ሦስተኛም መልክ አላት። ከፊት ቀድማ የተከተላት ግሥ ያለቀለት ድርጊት ከሆነ ደስታ ትሆናለች፤ «እንኳን ደህና መጣህ»፣ «እንኳን አደረሰዎ»፣ ለወለደች ሴት ደግሞ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የምንለው በዚህ መልክ ነው። ስለዚህ «እንኳን ዘነበ» ያለ ሰው እሰይ እያለ ነው፤ «እንኳን ዘንቦ» ያለ ሰው ግን ገና ሐሳቡን አልጨረሰም። ቦታዋ አንድ ሆኖ ሳለ «ዘነበ» እና «ዘንቦ» የተባሉት የግሥ መልኮች ብቻ ትርጉሙን ለያዩት። በቅርቡ በአንድ ቲሸርት ላይ «እንኳን ዘነበብሽ» የሚል ጽሑፍ አይቼ ነበር፤ አባባሉን ወደ «እንኳን ደስ አለሽ» ለውጦታል።

ስለ «እንዲሁም» ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም የአባባሉ ግማሽ ምሥጢር በእርሷ መጨረሻ ላይ ባለችው በ«ም» ውስጥ ነው። በዛሬው የዜና አጻጻፍ «እንዲሁም» ማለት «ከዚህም ሌላ» ማለት ሆኗል፤ ሚኒስትሩ፣ አማካሪው እንዲሁም ኃላፊው ተገኙ ይባላል። በአባባሉ ውስጥ ግን «እንዲሁ» ማለት እንዳለሽ፣ ምንም ሳይነካሽ ማለት ነው፤ «ም» ደግሞ በአንዲት ፊደል የ«እንኳን»ን ሥራ ትሠራለች። እንግዲህ በአንድ አጭር አባባል ውስጥ ሁለት «እንኳን» አሉ ማለት ነው፤ አንዷ ከፊት ቆማ ዝናቡን ታስቀራለች፣ ሌላዋ ከኋላ ተለጥፋ ጤዛውን ታጎላለች። አንዳንዶች «እንዲያውም ጤዛ ነሽ» ሲሉ እሰማለሁ። «እንዲያውም» ንግግርን የምታስረግጥ እንጂ «ምንም ሳይጨመርብሽ» የምትል ስላልሆነች፣ በእርሷ ሲነገር አባባሉ ቢገባም ቁንጥጫው ይለዝባል።

አሁን ወደ ጤዛው ልሂድ። «ነሽ» የተባለችው ማን ናት? አጎቴ እንደሚሉት፣ ጎህ ሲቀድ እንስራዋን አዝላ በሣር መካከል ወደ ምንጭ የምትወርድ ሴት ናት፤ ዝናብ ሳይነካት የቀሚሷ ጫፍ እስከ ጉልበቷ በጤዛ ይርሳል። ደግ ግምት ነው፤ ነገር ግን አባባሉ «ጤዛ ነክቶሻል» አይልም፣ «ጤዛ ነሽ» ነው የሚለው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ለጤፍ የተነገረ ነው ብዬ አምናለሁ።

ያደግሁት ምንጃር፣ ጥቁር አፈር ላይ ነው። የጥቅምት ሰማይ ሌሊቱን ጥርት ብሎ ሲያድር መሬቱ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል፣ ቅጠሉ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት ላይም ማሳው ሁሉ ጤዛ አዝሎ ይገኛል። አያቴ በዚያ ሰዓት ማሳቸውን ሳይዞሩ ቁርስ አይቀምሱም ነበር፤ እኔም ከኋላቸው በባዶ እግሬ እከተላቸው ነበር። ከወሰኑ ላይ ቆሜ ሳይ ጤፍ የሚባል ነገር አይታየኝም፤ የሚታየኝ ጎንበስ ያለ ነጭ ነገር ብቻ ነው። አያቴ በበትራቸው ጫፍ አንዷን ዘለላ ቀስ ብለው ነካ ሲያደርጓት ጤዛው ይረግፍና አገዳዋ ሽቅብ ቀና ትላለች። ልጅ ስለነበርሁ ማሳውን በሙሉ እየሮጥሁ ማራገፍ አምሮኝ ነበር፤ አንድ ቀን ሞክሬው በበትሩ ሌላኛው ጫፍ ተመለስሁ።

ጤፍ ለምን እንዲህ እንደምታጎነብስ የሚያውቅ ሰው አባባሉን በሌላ ጆሮ ይሰማዋል። ዘሯ እጅግ ደቃቃ ስለሆነች አንድ ግራም ውስጥ ሦስት ሺህ ገደማ ፍሬ ይገባል። ገበሬው በእጁ ሲበትናት ተጠጋግታ ትበቅላለች፣ ተጠጋግታ ስትበቅል አገዳዋ ይቀጥናል፣ ሥሯም ከላይ ከላይ ነው የሚይዘው። ዩሪያ ሲበዛባት ደግሞ ቁመቷ ይረዝምና ራሷን መሸከም ያቅታታል። ዘለላዋ ሞልቶ በከበደበት ሰሞን ያለ ወቅቱ አንድ ዝናብ ከወረደባት መሬት ላይ ትተኛለች፤ ገበሬው ጋሸበች ይላል። ፍሬዋ ሳይሞላ ከተኛች ገለባ ብቻ ትሆናለች፤ ከሞላ በኋላ ከተኛች ደግሞ ነጩ ጤፍ በእርጥበቱ ይወይባል፣ አንዳንዱም እዚያው ማሳው ላይ ይበቅላል፣ ገበያ ላይም ዋጋው ይወርዳል። የአጫጁም ጉልበት ይጨምራል፤ የቆመውን በአንድ ጭብጥ ይዞ በማጭድ የሚቆርጠው ሰው፣ የተኛውን ከመሬት እየለቀመ ማንሣት አለበት።

እንግዲህ ደመናው በስተምሥራቅ ሲጠቁር ያየ ገበሬ በጤዛ የጎበጠች ማሳውን ተመልክቶ «እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ» ቢላት ምን ይገርማል? በእኛ አገር የሚሳሱለትን ነገር በሴት ጾታ መጥራትም የተለመደ ነው። አጎቴ ለዚህ ማስረጃ አምጣ ይሉኛል፤ እኔም እንስራ ያዘለችውን ሴት አምጡልኝ እላቸዋለሁ።

ከዚያው ማሳ ሳንወጣ፣ የአያቴን ሌላ ጥንቃቄ ልጨምር። በአጨዳ ሰሞን «ከሞላ ጎደል» የምትለዋን አባባል የሚያስቀምጡባት ቦታ ነበራቸው። «ከሞላ ጎደል ሁሉም ማሳ ታጭዷል» ካሉ፣ ካሉን አሥር ማሳዎች ምናልባት ዘጠኙ አልቀው አንዱ ሳይነካ ቀርቷል ማለት ነው፤ በማግሥቱ ደቦው ወደዚያ ወደ ቀረው ይሄዳል። «ሁሉም ማሳ ከሞላ ጎደል ታጭዷል» ካሉ ግን፣ አሥሩም ተነክተው በየዳርቻቸው ትንሽ ትንሽ ቀርቷል፤ ለዚያ ደቦ አይጠራም፣ ልጆች ማጭድ ይዘው ይላካሉ። አንድ ጊዜ መልእክቱን ለጎረቤት ያደረስሁት እኔ ነበርሁና ቃሏን ከ«ሁሉም» በፊት አስቀድሜ ተናገርሁ፤ በማግሥቱ አሥራ አምስት ሰው ማጭዱን ይዞ መጥቶ የሚያጭደው አጣ። ጠላው ግን አለቀ።

«ብቻ»ም እንዲሁ የምትወስነው የቀደማትን ቃል ነው። «ጠዋት ብቻ ምስር እናጭዳለን» ሲባል ምስሩ የሚታጨደው በጠዋት ነው፤ ፀሐይ ከበረታ ቆባው ተፈንቅሎ ፍሬው ይረግፋልና ጤዛው ሳይለቅ መታጨድ አለበት። «ጠዋት ምስር ብቻ እናጭዳለን» ከተባለ ደግሞ ሽምብራው ለሌላ ሰዓት ቀርቷል፤ ምስሩ ከሰዓት በኋላም ይታጨድ እንደሆነ ዐረፍተ ነገሩ አልከለከለም። ሥራ የሚያዝዝ ሰው ይህን ቢያሳስት ምስሩ መሬት ላይ ይቀራል።

የዘመኑን አጻጻፍ ሳነብ የሚያሳዝነኝ እነዚህ ቃላት እንደ ጌጥ በተገኘው ቦታ መሰካታቸው ነው። «ብቻ» ከዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ተወርውራ ማንን እንደምትወስን ሳይታወቅ ትቀራለች፤ «እንኳን» ለማሳመር ስትባል ከፊትም ከኋላም ትገባለች፤ «ከሞላ ጎደል» ደግሞ ተናጋሪው ቁጥሩን ሳይቆጥር ሲቀር መሸሸጊያ ሆናለች። ተረትና ምሳሌን በፖስተር ላይ የሚያትሙ ሰዎች ቢያንስ ቃሉን ለአንድ ሽማግሌ አንብበው ፊታቸውን ቢያዩ ጥሩ ነበር።

ወደ ድግሱ ልመለስ። መድረክ መሪው ንግግሩን ጨርሶ፣ ሌላም ጀምሮ፣ እርሱንም ጨርሶ ከእኛ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠ። ማይክሮፎኑን ገና ከእጁ አላወጣም። አሳላፊዋ የጠጅ ብርሌ ይዛ ወደ እርሱ ስትሄድ አያትየው አይተው ኖሮ፣ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡና «ተዪው ልጄ» አሏት፤ «እንኳን ጠጥቶ እንዲሁም ለፍላፊ ነው።»