በዕጣ የሚወጡ ጥያቄዎች፦ የሙድል ኩዊዝ አሠራር

ሙድል ማንም በነፃ ወስዶ ሊጠቀምበት የሚችል የመማሪያ ሶፍትዌር ነው። የጀመረው አውስትራሊያዊው ማርቲን ዱጊያማስ ሲሆን 1.0 የተባለው ስሪት እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣ። የኩዊዙ ክፍል የዛሬ መልኩን የያዘው ግን በ2011 ነው። የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ቲም ሀንት ጥያቄዎችን የሚያስተናግደውን ሞተር እንደ አዲስ ሠራው፤ በ2.1 ስሪትም ገባ። ከኩዊዙ ጀርባ ያለው ጥንካሬ በአብዛኛው የዚያ ሥራ ፍሬ ነው።

ጥያቄዎቹ የሚቀመጡት በኩዊዙ ውስጥ ሳይሆን በጥያቄ ባንክ ነው። ባንኩ በምድብ ይከፈላል። መምህሩ «ከዚህ ምድብ 10 ጥያቄ በዕጣ አውጣ» ብሎ ያዛል። ተማሪው ፈተናውን ሲጀምር ዕጣው ይወጣል፤ በአንድ ሙከራ ውስጥ አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ አይደርሰውም። ምድቡ ውስጥ ያሉት ጥያቄዎች ከተጠየቀው ቁጥር ካነሱ ተማሪው ጭራሽ መጀመር አይችልም፤ ስለዚህ መምህሩ አስቀድሞ ራሱ ገብቶ ቢሞክረው ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምድቡን ሲያዘጋጅ ነው። 40 ጥያቄ ያለው አንድ ምድብ እንውሰድ፤ 20ው ቀላል፣ 20ው ከባድ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ 10 በዕጣ ይወጣል። አንዱ ተማሪ አምስት ቀላልና አምስት ከባድ ሊደርሰው ይችላል። ሌላው ግን ሰባት ከባድ ይመጣበታል። ሲሰላ ሰባትና ከዚያ በላይ ከባድ ጥያቄ የመውጣት ዕድሉ 14 በመቶ ገደማ ነው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ ስምንት ተማሪ ያህል ማለት ነው። ሌሎች ስምንት ያህል ደግሞ ሰባትና ከዚያ በላይ ቀላል ደርሷቸው ዘና ብለው ይወጣሉ። ውጤቱ ሲለጠፍ ይህ ልዩነት አይታይም፤ ማርክ ብቻ ነው የሚታየው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ምድቡን ለሁለት መክፈልና ከቀላሉ አምስት፣ ከከባዱ አምስት ማውጣት። አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች የሚጋሩት ጥያቄ በዚህ ምክንያት አይጨምርም፤ በሁለቱም አሠራር በአማካይ ሁለት ተኩል ነው። ምድቡ 20 ጥያቄ ብቻ ቢኖረው ግን አምስት ይጋራሉ፤ ያኔ ዕጣው ብዙም አይጠቅምም። ቀላልና ከባዱን በግምት መለየት ያስቸግራል። ያለፈውን ዓመት ውጤት ማየት ይሻላል፤ የኩዊዙ የስታቲስቲክስ ገጽ እያንዳንዱን ጥያቄ ተማሪዎች በአማካይ በስንት በመቶ እንደመለሱት ያሳያል።

ሰዓቱ የሚቆጥረው ለእያንዳንዱ ተማሪ ለየብቻ ነው፤ ከጀመረበት ቅጽበት። ሆኖም የመዝጊያው ሰዓት ይበልጣል። ፈተናው 30 ደቂቃ ቢሰጠውም 10:00 ሰዓት ላይ የሚዘጋ ከሆነ፣ 9:45 የገባ ተማሪ 15 ደቂቃ ብቻ አለው። ኔትወርክ ቢቋረጥም ቆጠራው አይቆምም። የሞላው መልስ ግን በየመሀሉ ራሱ ስለሚቀመጥ ተመልሶ ሲገባ ያገኘዋል። ጊዜው ሲያልቅ ያልተላከው ፈተና እንዲላክ የሚያደርገው ምርጫ `Open attempts are submitted automatically` ነው። በሰዓቱ ካልተላከ አይቆጠርም የሚል ምርጫም አለ። እሱን መምረጥ ኔትወርክ የከዳውን ተማሪ መቅጣት ነው። ተጨማሪ ጊዜ ለሚያስፈልገው ተማሪ ለብቻው ሰዓት መጨመርም ይቻላል።

ወደ ኋላ መመለስን መከልከል ኩረጃን ይቀንሳል የሚሉ አሉ። ይቀንስ ይሆናል፤ ግን ከባዱን ዘሎ በኋላ ሊመለስበት ያሰበውንም ተማሪ ይጎዳል።

በራሱ ማረም በምርጫ ጥያቄ ላይ አያስቸግርም። ችግር የሚመጣው ተማሪው ራሱ በሚጽፈው መልስ ነው። በቁጥር በሚመለስ ጥያቄ መልሱ 9.8 ብቻ ተብሎ ከገባ 9.81 የጻፈው ዜሮ ያገኛል፤ የሚፈቀደው ልዩነት 0.05 ከተባለ ግን ሁለቱም ትክክል ይሆናሉ። በአጭር ጽሑፍ መልስ ላይ ሙድል የሚያነጻጽረው ፊደል ለፊደል ነው። «ፀሐይ» ብቻ ከተመዘገበ «ጸሀይ» ስህተት ይሆናል። ስለዚህ የተለመዱትን አጻጻፎች ሁሉ መመዝገብ ግድ ነው።

ብዙ ጎበዝ ተማሪዎች የሳቱት፣ ደካሞቹ ግን የመለሱት ጥያቄ ካለ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት የመልሱ ቁልፍ ነው። ቁልፉ ተስተካክሎ እንደገና እንዲታረም ሲታዘዝ ማርኩ ለሁሉም ይስተካከላል። ማርኩን ሳይነካ ማን ስንት እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ አስቀድሞ የሚያሳይ ሙከራም አለ።