«እውነት ነው» እና «ምንባቡ ይላል» አንድ አይደሉም

የአንብቦ መረዳት ጥያቄ ማውጣትና ማረም ሥራዬ ነው። ከፈተና በኋላ ተማሪም ወላጅም፣ አንዳንዴ መምህርም የሚያመጣልኝ ክርክር ሁሌ ያው ነው። ሰልችቶኛል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈውና ይለይለት።

«መልሴ እውነት ነው፣ እንዴት ስህተት ይባላል?»

ይቺ ናት እንቅልፍ የምትነሳኝ። ይህን አጭር ምንባብ ተመልከቱ።

«ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ግን ውሃ የሚፈላበት ሙቀት እየቀነሰ ይሄዳል፤ በ3000 ሜትር ከፍታ 90 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ተራራ ወጪዎች እንቁላል ሲቀቅሉ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ የሚጠብቁት ለዚህ ነው።»

ጥያቄው፦ በምንባቡ መሠረት ተራራ ላይ እንቁላል ቶሎ የማይበስለው ለምንድን ነው?

ሀ) የአየር ግፊት ስለሚቀንስ
ለ) ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ
ሐ) ተራራ ላይ ብርድ ስለሚበዛ
መ) እሳቱ ቶሎ ስለሚጠፋ

ፊዚክስ የሚወድ ልጅ ዓይኑን ሳያሽ «ሀ» ይላል። ልክ ነው፣ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት የሚፈላው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ነው። ግን እስቲ ጣታችሁን ምንባቡ ላይ አድርጋችሁ «ግፊት» የሚል ቃል ፈልጉልኝ። የለም። ግፊትን የሚያመለክት ሐረግም የለም። ልጁ «ሀ»ን ያመጣው ከክፍል ትምህርቱ ነው። «ለ» ግን ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል፣ ሦስተኛው ደግሞ «ለዚህ ነው» ብሎ ምክንያትና ውጤቱን ያያይዘዋል።

አንድ ጊዜ በዚሁ ዓይነት ጥያቄ አንድ አባት ቢሮዬ ድረስ መጥተው «ልጄን ስላወቀ ቀጣችሁት» አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም፤ ልጃቸው ጎበዝ ነው። ምንባቡን ሰጠኋቸውና «ልጅዎ የመረጠውን የሚደግፈውን ዓረፍተ ነገር ያስምሩልኝ» አልኳቸው። ሁለቴ አነበቡት፣ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ታዲያ ጥያቄው ውስጥ ለምን ከተታችሁት?» ብለው ጠየቁኝ። ይሄ ደግሞ ተገቢ ጥያቄ ነው። እውነት የሆነ ግን ምንባቡ ውስጥ የሌለ ምርጫ የሚገባው ማን እንዳነበበና ማን በትዝታ እንደመለሰ ለመለየት ነው። ይህን የማደርገው ግን «በምንባቡ መሠረት» የሚለው ቃል ጥያቄው ላይ በግልጽ ሲኖር ብቻ ነው። ያ ቃል ከሌለ ልጁ የጠየቀኝን ነጥብ እሰጠዋለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነውና።

ማስመሩ የመጀመሪያው ፈተና ነው። መልሳችሁን የሚደግፈውን ቦታ አስምሩ፣ ከዚያ «ይህን መስመር ብሰርዘው መልሴ ይቆማል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ብትሰርዙ «ለ» መቆሚያ ያጣል። «ሀ» ግን ምንባቡን በሙሉ ቀዳችሁ ብትጥሉት እንኳ ንቅንቅ አይልም። መልሱ ከምንባቡ እንዳልመጣ የምታውቁት በዚህ ነው።

«ጥያቄው ከምንባቡ ሥር ስለተጻፈ የሚለካው ማንበብን ነው»

አይደለም፣ መምህራን እባካችሁ! እ.ኤ.አ. በ1990 ስቱዋርት ካትዝና ባልደረቦቹ የአሜሪካውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና የኤስኤቲን የምንባብ ጥያቄዎች ምንባቡን ላላዩ ተማሪዎች ሰጡ። ምርጫዎቹ 5 ስለነበሩ በግምት ብቻ የሚገኘው 20 በመቶ ነው። ተማሪዎቹ ግን ከዚያ በግልጽ በላይ አገኙ። እንዲያ ተለፍቶበት የተዘጋጀ ፈተና እንዲህ ከሆነ፣ እኛ ማታ ቸኩለን የምንጽፈውማ!

ስለዚህ ምንባቡን ሸፍናችሁ ሞክሩት። ፈተናውን የማይወስዱ 40 ተማሪዎች ፈልጉ፣ ጥያቄውንና ምርጫዎቹን ብቻ ስጧቸው። ምርጫው 4 ከሆነ በግምት 10 ያህሉ ይመልሱታል። 13 ወይም 14 ቢሆን አትደንግጡ፣ ዕድል እዚያ ድረስ ይወስዳል። 20ና ከዚያ በላይ ከመለሱት ግን ጥያቄው ያለ ምንባብ ይመለሳል ማለት ነው። እዚህ ላይ ቶሎ «እውቀታቸው ነው» አትበሉ። አንዳንዴ ትክክለኛው ምርጫ ከሌሎቹ በጣም ይረዝማል፣ ወይም ሌላ ጥያቄ መልሱን ያወጣዋል። ልጆቹን «ለምን ይህን መረጥክ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ራሳቸው ይነግሯችኋል።

ጥርጣሬ ከቀራችሁ ምንባቡን ገልብጡት። «እየቀነሰ» የሚለውን «እየጨመረ»፣ 90ን 110፣ «ረዘም ላለ»ን «አጠር ላለ» አድርጉና «በምንባቡ መሠረት ተራራ ላይ እንቁላል ለመቀቀል ረዥም ጊዜ ይፈጃል ወይስ አጭር?» ብላችሁ ጠይቁ። ያነበበው «አጭር» ይላል። ከራሱ የሚመልሰው «ረዥም» እንዳለ ይቀራል። በተገለበጠው ምንባብም መልሱ ካልተቀየረ፣ ያ ልጅ ምንባቡን አልተጠቀመበትም። ይህ ግን ለሙከራ ብቻ ነው፤ ሲያልቅ ትክክለኛውን ንገሯቸው፣ ሐሰት ተምረው እንዳይሄዱ። ለሁሉም ምንባብም አይሠራም፣ አንዱ ሐሳብ ሲገለበጥ ቀሪው ትርጉም የሚያጣበት ጊዜ አለ።

«የምንባቡ ቃል ያለበት ምርጫ ትክክል ነው»

«ተራራ ወጪዎች እንቁላል የሚቀቅሉት በ100 ዲግሪ ነው» የሚል ምርጫ ባስገባስ? ቃሉ ሁሉ ከምንባቡ ነው፣ የሚለው ነገር ግን ምንባቡ ውስጥ የለም።

«ምንባቡ በቀጥታ ያላለውን መምረጥ አይቻልም»

ይሄ ደግሞ ከላይ ያልኩትን ሰምቶ ከልክ በላይ የተጠነቀቀ ተማሪ የሚለው ነው። ይቻላል። ምንባቡ «ዣንጥላውን አጥፎ፣ ልብሱ እየተንጠባጠበ ቢሮ ገባ» ካለ «ውጭ እየዘነበ ነበር» ብሎ መደምደም ተገቢ ነው፣ «ዝናብ» የሚለው ቃል ባይኖርም። ዣንጥላው ብቻውን ቢሆን ግን አልቀበልም ነበር፣ ለፀሐይም ይያዛልና። የወሰነው «እየተንጠባጠበ» የሚለው ቃል ነው። እሱን አውጡትና ድምዳሜው ይላላል።

እርግጥ ዣንጥላ ምን እንደሆነ ከውጭ ማወቅ አለባችሁ፣ አለዚያ ዓረፍተ ነገሩም አይገባችሁም። ይህ የተፈቀደ እውቀት ነው። የምንባቡን ቃል እንድትረዱ የሚያግዛችሁ እውቀት ይግባ። በዚህና ምንባቡ ያላለውን በሚጨምር እውቀት መካከል ያለውን መስመር በሁለት ነገር ፈትኑት። ከተሰመረው ቃል እስከ መልሱ ያለውን መንገድ አንድ በአንድ ተናገሩ፦ ልብሱ ይንጠባጠባል፣ ስለዚህ ረጥቧል፣ ዣንጥላም ይዟል፣ ስለዚህ ዘንቧል። ከዚያ ሌላ ምርጫ በዚያው መንገድ ይደረስበት እንደሆነ እዩ። «አርፍዶ ነበር» የሚል ምርጫ ካለ መንገዱ የሚጀምርበት ቃል እንኳ የለም፤ ዝናብ ሰውን እንደሚያስረፍድ የምናውቀው እኛ ነን እንጂ ምንባቡ አላለም።