ዘይድ ኢብኑ ሳቢት በራሳቸው ሒፍዝ ብቻ ያልተማመኑበት ምክንያት

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ወንድሞችና እህቶች።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ) ወደ አኺራ ሲሄዱ ቁርኣን በሶሐባዎች ልብ ተሐፍዞ፣ በዘንባባ ዝንጣፊ፣ በጠፍጣፋ ድንጋይና በቆዳ ላይም ተጽፎ ነበር፤ በአንድነት ግን ገና አልተሰበሰበም። ብዙም ሳይቆይ በየማማ ጦርነት ብዙ ቃሪኦች ሸሂድ ሲሆኑ፣ ዑመር (ረ.ዐ) በሌሎች ጦርነቶችም እንዲሁ ቢያልቁ ከቁርኣኑ ብዙው ሊጠፋ ይችላል ብለው ሰጉና ወደ ኸሊፋው አቡበክር (ረ.ዐ) ሄዱ። አቡበክር መጀመሪያ «የአላህ መልእክተኛ ያልሠሩትን እንዴት እሠራለሁ?» ብለው አመነቱ፤ አላህ ልባቸውን ከከፈተላቸው በኋላ ግን ዘይድ ኢብኑ ሳቢትን አስጠርተው «አንተ አስተዋይ ወጣት ነህ፤ ወሕይም ትጽፍ ነበር» ሲሉ ሥራውን ሰጧቸው። ዘይድ ተራራ እንዳነሣ ቢያዙኝ ከዚህ ይቀለኝ ነበር ብለዋል።

ዘይድ ራሳቸው ሐፊዝ ስለነበሩ ተቀምጠው ከአእምሯቸው መጻፍ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን የተጻፈውን ከየሰው እጅ እየፈለጉ፣ በቃል ከተያዘው ጋር እያስተያዩ ሰበሰቡ። የሱረቱ ተውባን የመጨረሻ አንቀጾች ከአንድ አንሷሪ ሶሐባ ዘንድ በቀር አላገኘኋቸውም ማለታቸው አንዳንዱን አንባቢ ያስደነግጣል። ዑለማዎች እንደሚያስረዱት ያ ንግግር ጽሑፉን የሚመለከት ነው፤ ዘይድ የጎደለውን ፈልገው የደከሙት አንቀጾቹን በቃላቸው ስለሚያውቋቸው ነውና። የተሰበሰቡት ገጾች በአቡበክር፣ ከዚያም በዑመር፣ በመጨረሻም በልጃቸው በእናታችን ሐፍሷ ዘንድ ተቀመጡ።

በዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን የመጣው ችግር የተለየ ነበር። ሑዘይፋ ኢብኑል የማን በአርመንና በአዘርባጃን ዘመቻ ላይ የሻምና የዒራቅ ሰዎች በአቀራር ሲለያዩ አይተው ተደናገጡና ኸሊፋው ለኡማው እንዲደርሱለት ተማጸኑ። ዑስማን ገጾቹን ከሐፍሷ ተውሰው፣ ዘይድን ከሦስት ቁረይሾች ጋር አስቀምጠው አስገለበጡ፤ ከተለያያችሁ በቁረይሽ አነጋገር ጻፉት አሏቸው። ልዩነቱ ምን ያህል ጥቃቅን እንደነበር የሚያሳይ አንድ ዘገባ አለ፤ በሱረቱል በቀራ 248ኛ አንቀጽ ያለውን፣ ለእኛም ጆሮ እንግዳ ያልሆነውን «ታቡት» የተባለ ቃል ዘይድ «ታቡህ» ብለው በሃእ፣ ቁረይሾቹ ደግሞ በታእ እንጻፈው አሉ፤ ዑስማንም በታእ እንዲጻፍ ወሰኑ። ክርክሩ በአንድ ቃል የመጨረሻ ፊደል ላይ እንጂ በትርጉሙ ላይ አልነበረም።

ከዚያም ገጾቹ ለሐፍሷ ተመለሱ፤ ሙስሐፎቹ ወደየአገሩ ተላኩ፤ ከእነሱ ውጭ ያሉት ጽሑፎች እንዲቃጠሉ ታዘዘ። የዑስማን ጽሑፍ ግን ነጥብም ሐረካም አልነበረውም። በፋቲሓ ውስጥ ሚም፣ ላም፣ ካፍ ተብሎ የተጻፈውን ቃል አንዱ ቃሪእ «ማሊኪ»፣ ሌላው «መሊኪ» ብሎ ቢያነበው ጽሑፉ ሁለቱንም ይይዛል፤ ሁለቱም ከነቢዩ በሰነድ የተላለፉ ናቸው፤ ስለዚህም ሙስሐፍ በእጁ ያለ ሰው እንኳ አቀራሩን ከመምህር አፍ ይቀበላል።