ሳላሪየም፦ የጨው ስም የያዘው ደመወዝ

እንግሊዝኛው «ሳላሪ» የሚለው ቃል ከጨው ነው የመጣው ሲባል ያልሰማ የለም። ታሪኩም ይታወቃል፦ የሮም ወታደሮች ደመወዛቸውን በጨው ይቀበሉ ነበር፣ ጨው ያኔ እንደ ወርቅ ውድ ነበር፣ ስሙም ከዚያ ቀረ። በአማርኛ ጉዳዩን ዘርዘር አድርጎ የጻፈ ስላላገኘሁ የሮም ጸሐፊዎች ራሳቸው ምን እንዳሉ ሰብሰብ አድርጌ ላስቀምጠው። ከታሪኩ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ማስረጃ የለውም።

እውነቱ የቃሉ ዝምድና ነው። በላቲን ጨው «ሳል» ይባላል። «ሳላሪ» የወጣበት የላቲን የክፍያ ስም «ሳላሪየም» ደግሞ በቀጥታ «የጨው» ወይም «ከጨው ጋር የተያያዘ» ማለት ነው። እዚህ ላይ ክርክር የለም። ከሮም ተነስቶ እስከ አድርያቲክ ባሕር የሚዘልቀው ጥንታዊ መንገድም «ቪያ ሳላሪያ»፣ የጨው መንገድ ይባላል፤ ሳቢኖች የሚባሉት ሕዝቦች ጨው የሚያመላልሱበት ስለነበር።

ጥያቄው ገንዘቡ ለምን በጨው ተሰየመ የሚለው ነው። ስለዚህ ነገር የጻፈው ዋናው ሰው ፕሊኒ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ79 የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የሞተው። ስለ ተፈጥሮ በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ 31ኛ ክፍል ጨውን ሲያወድስ፣ ጨው በሹመትና በውትድርና ጉዳይም እንደሚገባ፣ ሳላሪየም የሚለው ስምም ከዚያ እንደመጣ ይናገራል። በቃ ይኸው ነው። ወታደር ጨው ተሰፍሮለት ሄደ አላለም። ለጨው መግዣ ብር ተሰጠውም አላለም። እንዴት እንደተያያዙ ሳይነግረን ወደ ሌላ ወሬ አለፈ። «ለወታደሮች ጨው መግዣ የሚሰጥ ገንዘብ» የሚለውን ማብራሪያ የምናገኘው በኋላ ዘመን መዝገበ ቃላት ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1879 የታተመው የሉዊስና ሾርት የላቲን መዝገበ ቃላት እንደዚያ ብሎ ይፈታዋል። ግምቱ መጥፎ አይደለም፤ ግን ግምት ነው።

ግምቱን መጥፎ አይደለም ያሰኘው የቃሉ ቤተሰብ ነው። ሮማውያን ለአበል ስም ሲያወጡ በአንድ ዕቃ ስም ላይ «አሪየም» ይቀጥሉ ነበር። «ካልኬአሪየም» የጫማ ነው። «ክላቫሪየም» የሚስማር ነው፤ የጫማ ሶል ላይ የሚመታው ሚስማር ማለት ነው፤ የታሪክ ጸሐፊው ታኪተስ ወታደሮች በዚህ ስም ጉርሻ መጠየቃቸውን ጽፏል። «ኮንጊያሪየም» ደግሞ ኮንጊየስ ከተባለ የፈሳሽ መስፈሪያ የመጣ ነው። ድሮ ለሕዝብ የሚታደል ዘይትና ወይን ነበር፤ ኋላ ላይ ግን ያው ስም ለጥሬ ገንዘብ ዋለ።

የጫማው ነገር ከተነሳ የንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያን ጉዳይ አይዘለልም። ከኦስትያና ከፑቴዮሊ ወደቦች ወደ ሮም በእግራቸው የሚመላለሱ መርከበኞች «የጫማ አበል ይቆረጥልን» ብለው ጠየቁት። ሰውየው ገንዘብ ላይ ቆንቋና ነበር። መከልከሉ አልበቃው ብሎ ከዛሬ ጀምሮ በባዶ እግራችሁ ሩጡ አላቸው። የንጉሠ ነገሥታቱን ታሪክ የጻፈው ሱዌቶኒየስ ይህን ሲጽፍ፣ እስካሁንም እንደዚያው ይሮጣሉ ይላል። ልብ በሉ፣ መርከበኞቹ የጠየቁት ጫማ አይደለም፤ በጫማ ስም የሚከፈል ብር ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። «ጉርሻ» ሲጀመር በእጅ አፍ ውስጥ የሚከቱት እንጀራ ነው። ዛሬ ግን ለአስተናጋጅ ጉርሻ ሰጠሁ ስንል ብር ሰጠን ማለት ነው። «ቀለብ»ም እንዲሁ የሚበላ ነገር ነበር፤ ፍርድ ቤት ቀለብ ቁረጥ ሲል ግን ጤፍ ጭነህ አምጣ ማለቱ አይደለም። ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ ቃሉን ብቻ አይቶ «የአዲስ አበባ አስተናጋጆች በጉርሻ ይከፈላቸው ነበር» ቢል፣ ስለ ሳላሪየም የሚወራው ወሬ ዓይነት ስህተት ሠራ ማለት ነው።

አሁን «እንደ ወርቅ ውድ ነበር» ወደሚለው እንምጣ። ይህን በሒሳብ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ301 ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ ባወጣው የዋጋ ተመን አንድ ሞዲየስ ስንዴ 100 ዲናር ነው፣ አንድ ሞዲየስ ጨውም 100 ዲናር። እኩል! ሞዲየስ የእህል መስፈሪያ ነው። ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ስለ እርሻ የጻፈው ካቶ ለአንድ ሠራተኛ በዓመት አንድ ሞዲየስ ጨው ይበቃዋል ይላል። ስንዴ ግን በክረምት በወር 4፣ በበጋ 4 ተኩል ሞዲየስ ይሰፈርለት፣ ባይ ነው። በዓመት ሲደመር ወደ 50 ይጠጋል። ሁለቱ ምንጮች በዘመን ቢራራቁም ምጣኔውን ለማየት ይረዳሉ፦ አንድ ሰው ለእንጀራው 50 ብር ሲያወጣ ለጨው የሚያወጣው አንድ ብር ገደማ ነው። ጨው የማይቀርበት አስቤዛ እንጂ ወርቅ አልነበረም። በጨው ልክፈልህ የተባለ ወታደር ጨው ተሸክሞ ገበያ ለገበያ መዞር ሊኖርበት ነው።

ደግሞስ ተራው ወታደር የሚቀበለው ገንዘብ ስሙ ሳላሪየም አልነበረም፤ «ስቲፔንዲየም» ይባል ነበር። ቃሉ ሲፈታ ሳንቲም መመዘን ነው። በአውግስጦስ ጊዜ ይህ ክፍያ በዓመት 225 ዲናር፣ ማለትም 900 ሴስተርስ ነበር። ሳላሪየም የሚለው ቃል በጽሑፍ በደንብ ሲታይ የተቀባዩ ዓይነት ሌላ ነው። ታኪተስ ለአገረ ገዢ ስለሚሰጥ ሳላሪየም ይጽፋል። ኔሮ ደግሞ ዘራቸው ትልቅ ሆኖ ለደኸዩ የሴኔት አባላት በዓመት ሳላሪየም ቆርጦላቸዋል፣ ለአንዳንዱ እስከ 500,000 ሴስተርስ። ለዚህ ሁሉ ብር የሚሆን ጨው የት ይቀመጣል?

ከዚያ ቃሉ በጣልያንኛ «ሳላሪዮ»፣ በፈረንሳይኛ «ሳሌር» ሆኖ በ14ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ እንግሊዝኛ ገባ። «ሶልጀር»ም ከጨው ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም። እሱ የመጣው «ሶሊደስ» ከሚባለው የሮም ወርቅ ሳንቲም ነው።

ጨው በእርግጥ ገንዘብ የሆነበትን አገር የፈለገ ሮም ድረስ አይደክምም። እኛ ጋ አሞሌ አለ። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገራችን በመጣ ጊዜ ጨው እንደ ገንዘብ ሲሠራበት አይቶ ጽፏል፤ ከሚቆረጥበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚጨምርም አስተውሏል። ከአፋር ሜዳ ተጠርቦ በግመል የሚወጣው አሞሌ ከማርያ ትሬዛ ብር ጎን ለጎን፣ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 የራሳቸውን ገንዘብ ካስመቱም በኋላ ጭምር ሲገበያዩበት ኖሯል። ሰው ለዝርዝር ይሰጠዋል፣ ሲፈልግ ደግሞ ወጥ ውስጥ ይጨምረዋል። የሚገርመው፣ እንዲህ ሆኖም ለክፍያ የምንጠቀምበት ቃላችን ውስጥ ጨው የለም። ደመወዝ እንደሚታየው ደምና ወዝ ነው።