የቅድመ ስኳር ሕመም ቁጥሮችና ወደ ስኳር ሕመም መሸጋገርን የመከላከያ መንገድ

ቅድመ ስኳር ሕመም በደም ውስጥ ያለው የስኳር መጠን ከጤናማው ወሰን ያለፈበት፣ ሆኖም ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም የሚባልበት ደረጃ ላይ ገና ያልደረሰበት ሁኔታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥማትም ሆነ ድካም አያመጣም፤ የሚታወቀው በላቦራቶሪ ውጤት ላይ በሚሰፍር ቁጥር ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ምን እንደሚለካና መቼ እንደሚያሳስት መረዳት ያስፈልጋል።

ሦስት ምርመራዎች አሉ። የመጀመሪያው ቢያንስ ለ8 ሰዓት ከውኃ በቀር ምንም ሳይቀመስ ጠዋት በባዶ ሆድ የሚሰጠው የደም ስኳር ምርመራ ሲሆን፣ በአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር መለኪያ ከ100 እስከ 125 ሚሊግራም በዴሲሊትር ከተገኘ ቅድመ ስኳር፣ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር ሕመም ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን የታችኛውን ወሰን 110 ላይ ስላስቀመጠው፣ 104 የወጣለት ሰው በአንዱ መለኪያ ጤናማ፣ በሌላው ቅድመ ስኳር ያለበት ሊባል ይችላል። ልዩነቱ የሐኪሞች ስህተት አይደለም፤ አደጋው ከቁጥሩ ጋር ቀስ በቀስ የሚጨምር እንጂ በአንድ ነጥብ ላይ በድንገት የሚጀምር ስላልሆነ፣ መስመሩን የት ማስመር እንደሚገባ የተደረሰበት ፍርድ የተለያየ በመሆኑ ነው። ሁለተኛው ምርመራ 75 ግራም ግሉኮስ በውኃ ተበጥብጦ ከተጠጣ ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚለካው ሲሆን፣ ከ140 እስከ 199 ቅድመ ስኳርን ያመለክታል። ሦስተኛው ኤዋንሲ የሚባለው ነው፤ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ምን ያህሉ ስኳር እንደተጣበቀበት በመቶኛ ስለሚያሳይ ያለፉትን ሦስት ወራት ገደማ አማካይ ይናገራል፤ ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ቅድመ ስኳር፣ ከ6.5 ጀምሮ የስኳር ሕመም ነው።

እነዚህ ቁጥሮች በየራሳቸው መንገድ ያሳስታሉ። ጠዋት ስኳር ያለበት ሻይ ቀምሶ የመጣ ሰው ውጤቱ ከፍ ይላል። በአንጻሩ የተቀዳው ደም ፈሳሹ ከሕዋሳቱ ሳይለይ በክፍል ሙቀት ከቆየ፣ በቱቦው ውስጥ ያሉት የደም ሕዋሳት ስኳሩን እየተጠቀሙበት በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ትክክለኛው ውጤት 104 የነበረ ደም ሁለት ሰዓት ቢቆይ ከ95 በታች ሊነበብና ሰውየው ጤናማ ተብሎ ሊሰናበት ይችላል። ኤዋንሲ ደግሞ በቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ በብረት እጥረት የመጣ የደም ማነስ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ቀይ የደም ሕዋሳት ያለ ጊዜያቸው የሚሰባበሩበት ሕመም ወይም በቅርቡ የተወሰደ ደም ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል። የደም ማነስ ባለባት ሴት ላይ ኤዋንሲ 5.9 ሆኖ የባዶ ሆዱ ስኳር 88 ከተገኘ፣ የመጀመሪያው ጥርጣሬ በኤዋንሲው ላይ ማረፍ አለበት። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ የሚሠራው ትንሿ የቤት መለኪያም ለክትትል እንጂ ሕመሙን ለመለየት አትበቃም።

ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ለውጥ ከዓመታት በፊት ይጀምራል። በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ስብ ሲከማች እነዚህ አካላት የደም ስኳርን ዝቅ ለሚያደርገው ሆርሞን ለኢንሱሊን የሚሰጡት ምላሽ ይዳከማል፤ ጉበት ሌሊቱን ሙሉ ከሚገባው በላይ ስኳር ወደ ደም ይለቃል፣ ጡንቻም ከምግብ በኋላ የመጣውን ስኳር በወጉ አይወስድም። ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን በማመንጨት ጉድለቱን ለጊዜው ይሸፍናል፤ ቁጥሩ ከፍ ማለት የሚጀምረው ቆሽት ይህን መሸፈን ሲያቅተው ነው። መጠነኛ ክብደት መቀነስ የሚጠቅመው በቅድሚያ የጉበት ስብ ስለሚቀንስ ነው። እንቅስቃሴ ደግሞ የሚሠራ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊን እገዛም ስኳር እንዲስብ ያደርገዋል፤ የኢንሱሊን ሥራ መሻሻሉም ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ስለሚቆይ እንቅስቃሴውን በሳምንቱ ቀናት ማከፋፈል ይመከራል።

የዚህን ጥቅም በጥብቅ የፈተነው የአሜሪካው የስኳር ሕመም መከላከል ጥናት ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ይህ ጥናት በ27 ማዕከላት 3,234 ሰዎችን በዕጣ በሦስት ቡድን ከፍሎ ተከታተለ። አንዱ ቡድን መድኃኒትነት የሌለው ክኒን፣ ሁለተኛው ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ሕመም መድኃኒት ተሰጠው፤ ሦስተኛው የኑሮ ለውጥ ሥልጠና ወሰደ። የሦስተኛው ቡድን ግብ ሁለት ብቻ ነበር፦ ከክብደት 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ በፈጣን እርምጃ ልክ መንቀሳቀስ። በአማካይ ከ2.8 ዓመት ክትትል በኋላ ከባዶው ክኒን ቡድን ጋር ሲነጻጸር፣ በስኳር ሕመም የመያዝ ዕድል በኑሮ ለውጥ ቡድን በ58 በመቶ፣ በሜትፎርሚን ቡድን በ31 በመቶ ቀነሰ። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ የኑሮ ለውጡ ውጤት 71 በመቶ ደረሰ፤ ጊዜው አልፎብኛል ለሚል ሰው ይህ ልብ የሚባል ነው። የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ሁሉ የተገኘው ሁሉም ሰው ግቡን መትቶ አለመሆኑ ነው፤ በ24ኛው ሳምንት 7 በመቶውን ያሳኩት ግማሽ ያህሉ ነበሩ። ከዚያው ጥናት በኋላ በተደረገ ትንተና እያንዳንዱ የተቀነሰ ኪሎ አደጋውን በ16 በመቶ ገደማ እንደሚያወርድ ታይቷል፤ የክብደት ግቡን ባይመቱም የእንቅስቃሴውን ግብ የመቱት ሰዎችም አደጋቸው በ44 በመቶ ዝቅ ያለ ነበር።

ይህ በአንድ ሰው ሕይወት ምን እንደሚመስል በምሳሌ እንመልከት። 84 ኪሎ የምትመዝን፣ የባዶ ሆድ ስኳሯ 112፣ ኤዋንሲዋ 6.0 የሆነ የ46 ዓመት ሴት እንውሰድ። 7 በመቶው ስድስት ኪሎ ያህል ስለሆነ ግቧ 78 ኪሎ ነው። በስድስት ወር ለመድረስ በሳምንት ሩብ ኪሎ መቀነስ ይበቃታል፤ ይህም በቀን 300 ካሎሪ ገደማ ማጉደል ማለት ነው። በቀን ሦስት ስኒ ቡና በሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር የምትጠጣ ከሆነ ስኳሩን መተው ብቻውን 100 ካሎሪ ያህል ይቀንሳል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ስላለው፣ ከድርሻዋ ወጥ ይህን ያህል ዘይት ቢቀነስ ሌላው ክፍል ይሞላል። ቀሪውን በሳምንት አምስት ቀን የሚደረግ የ30 ደቂቃ ፈጣን እርምጃ ይሸፍነዋል፤ ፍጥነቱ በቂ መሆኑ የሚታወቀው እየሄዱ ማውራት እየተቻለ መዝፈን ሲያቅት ነው። እንጀራውን ጨርሶ መተው አያስፈልጋትም፤ ከሁለት ወደ አንድ ተኩል አውርዳ ጎመኑንና ምስሩን ማብዛት ትችላለች። በጾም ወቅት ግን የሥጋና የቅቤ አለመኖር ብቻውን ካሎሪን አይቀንስም፤ የጾም ወጥ ዘይት፣ ዳቦና ጣፋጭ ሻይ ከበዙ ክብደቱ ሊጨምርም ይችላል።

ብዙ ሰዎችን ተስፋ የሚያስቆርጠው ከጥቂት ወራት በኋላ ሚዛኑ ባለበት መቆሙ ነው። ክብደት ሲቀንስ ሰውነት የሚያስፈልገው ካሎሪም ስለሚቀንስ፣ መጀመሪያ በቂ የነበረው ቅነሳ እየሳሳ ይሄዳል፤ የጥናቱ ተሳታፊዎች የበሉትን በማስታወሻ የሚጽፉትና በየጊዜው የሚመዘኑት ይህን ቶሎ ለማየት ነበር። በተመሳሳይ ውጤቱም ከጊዜ ጋር ይሳሳል፦ በዚያው ጥናት ተከታታይ ክትትል የኑሮ ለውጥ ቡድኑ የአደጋ ቅነሳ በ10 ዓመት 34 በመቶ፣ በ15 ዓመት 27 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። በአንጻሩ ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው ወፍራም ሰዎች ስለነበሩ፣ በኢትዮጵያ እንደሚያጋጥሙት ቀጫጭን ሆነው ስኳራቸው ከፍ ለሚል ሰዎች የክብደት ግቡ በቀጥታ አይሠራም፤ ለእነርሱ የስኳሩን ከፍታ መንስኤ በሐኪም ማስመርመር ይቀድማል። ቅድመ ስኳር የተገኘበት ሰው ሁሉ ምርመራውን ቢያንስ በየዓመቱ፣ ከተቻለም በዚያው ዓይነት ምርመራና በዚያው ላቦራቶሪ ማስደገም ይኖርበታል፤ ምርመራው ወይም ላቦራቶሪው ከተለወጠ የታየው ልዩነት ከሰውነቱ ይሁን ከመለኪያው መለየት ያስቸግራል።