የጠበቃ ሚስጥር ጠባቂነት ምንድን ነው?

"ጠበቃው ደንበኛው ጥፋተኛ መሆኑን እያወቀ ከተከራከረለት ፍርድ ቤቱን ዋሽቷል" የሚል አስተያየት ሰሞኑን ደግሜ ሰማሁ። አስተያየት ሰጪው ሚስጥር መጠበቅንና መዋሸትን አንድ አድርጎ ነው የያዘው። ባሕር ዳር ውስጥ የወንጀል ጉዳይ ይዤ ችሎት የምቆም ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እንበል፣ ጣና ዳር ከቆመች ጀልባ ላይ ሞተር ተሰረቀ። ተከሳሹ ቢሮዬ ይገባና በሩን ዘግቶ "ጋሼ፣ እርስዎን አልዋሽም፤ የወሰድኩት እኔ ነኝ" ይለኛል። ይህን ለዐቃቤ ሕግ መንገር አልችልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ሚስጥር የሚያወጣን ሰው ይቀጣል፤ እዚያው አንቀጽ ላይ ከጠበቆች ጋር የሃይማኖት አባቶችም ተጠቅሰዋል።

አብረን መጠቀሳችን ነገሩን ያስረዳል። የንስሐ አባት የሰሙትን አያወጡም፤ ግን "የንስሐ ልጄ ይህን አላደረገም" ብለው አደባባይ ወጥተው አይምሉም። ልጁን ለብቻው "የሰው ንብረት መልስ" ይሉታል። እኔም ሞተሩን ቢመልስና ጥፋቱን ቢያምን፣ መጸጸቱና ካሣው በአንቀጽ 82 ቅጣት ማቅለያ ሊሆኑለት እንደሚችሉ እነግረዋለሁ። ምርጫው ግን የራሱ ነው። ንጽጽሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ የንስሐ አባት ችሎት ቆመው አይከራከሩም፣ እኔ እከራከራለሁ።

አላምንም ቢልስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንዳይገደድ፣ ጥፋተኛ እስኪባልም እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር ደንግጓል። የእምነት ክህደት ቃሉን ሲጠየቅ "ጥፋተኛ አይደለሁም" የሚለው እሱ ነው። ውጤቱም አንድ ነው፦ ዐቃቤ ሕግ ክሱን በማስረጃ ያስረዳ።

አሁን ምስክር ይቀርባል። በታንኳ ከዓሣ ሲመለሱ ያዩት አንድ አባት ናቸው። መስቀለኛ ጥያቄ እጀምራለሁ። "አባቴ፣ ሰዓቱ ስንት ነበር?" "ጀምበር ጠልቃ ነበር።" "ፊቱን አይተዋል?" "ጀርባውን ነው፤ በጃኬቱ አወቅሁት።" እዚህ ላይ ምንም ውሸት አልተናገርኩም። ምስክሩ ፊት አለማየታቸው እውነት ነው፤ ፍርድ ቤቱም ይህን አውቆ ማስረጃውን መመዘን አለበት። በመጨረሻ "ጃኬት ብቻውን አያስረዳም" ብዬ እከራከራለሁ። ማስረጃው ካልበቃ ዳኛው በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 141 መሠረት መከላከያ ሳይሰሙ በነፃ ያሰናብቱታል።

የማልናገረውም አለ። "ደንበኛዬ አልወሰደም" አልልም። "የወሰደው ዘበኛው ነው" ማለትማ ንጹሕ ሰው ላይ ጣት መቀሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 ለንደን ውስጥ ጌታውን ገድሏል ተብሎ የተከሰሰው ኩርቮዚየር ችሎቱ መሃል ላይ ለጠበቃው ለፊሊፕስ አመነ። ፊሊፕስ መከላከሉን ቀጠለ፤ ሰዎች አጥብቀው ከወቀሱበት ነገሮች አንዱ ግን በቤቱ ሠራተኞች ላይ ጥርጣሬ አሳድሯል የሚለው ነበር።

ብይኑ "ይከላከል" ከሆነ አደገኛው ሰዓት ይመጣል። ደንበኛዬ የአጎቱን ልጅ ይዞ ይመጣና "ያን ለት ጎርጎራ አብረን ነበርን ብሎ ይመስክርልኝ" ይላል። ይህን ምስክር አላስቆጥርም። ሐሰተኛ ምስክርነት ራሱ ወንጀል ነው፤ እያወቅሁ ካቀረብኩት ሚስጥር ጠባቂነቴ ቀርቶ ተባባሪነቴ ይጀምራል። ሞተሩን ቢሮዬ ላስቀምጥልህ ብልም፣ ምስክሩን እናስፈራራቸው ሲለኝ ብተባበረውም እንደዚያው ነው።

አስተያየት ሰጪው ከውጭ አገር ክርክሮች የወሰደው የሚመስለኝ አንድ ነገር አለ። በእነሱ አገር ተከሳሹ ምሎ ስለሚመሰክር ጠበቃው ትልቅ ጣጣ ውስጥ ይገባል። በእኛ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 142 ተከሳሹ የተከሳሽነት ቃሉን ሲሰጥ መስቀለኛ ጥያቄ አይቀርብለትም። ቢሆንም ሐሰት መሆኑን የማውቀውን ቃል እኔ አላዘጋጅለትም፤ በማጠቃለያ ክርክሬም አልደገፍበትም።

ደግሞ "እኔ ነኝ" ያለ ሁሉ በሕግ ጥፋተኛ አይደለም። የወንድሙን ጥፋት የሚሸከም አለ። "ገድያለሁ" ያለው ሕይወቱን ሲከላከል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሰማሁትን ይዤ ዳኛ አልሆንም።

ደንበኛዬ የአጎቱን ልጅ ካላቀረብክ ብሎ ከጸና ከጉዳዩ ለመውጣት ፈቃድ እጠይቃለሁ። ማመልከቻዬ ላይ "ከደንበኛዬ ጋር መግባባት ስላልቻልኩ" ብዬ እጽፋለሁ፤ ዳኛው ምክንያቱን ቢጠይቁኝም ከዚያ አላልፍም።