ሪጀነሬቲቭ ብሬኪንግ ምንድን ነው? ሬዚስተር ያለው ሁሉ አይደለም

ካዛንቺስ አካባቢ በሚገነባ ሕንፃ ላይ ስለተተከለ ዕቃ ማንሻና የሞተሩን ፍጥነት ስለሚቆጣጠረው ድራይቭ ስንወያይ፣ አንድ አስተያየት ሰጪ «ድራይቩ የብሬክ ሬዚስተር ስላለው ሪጀነሬቲቭ ነው፤ ኃይል ወደ መስመሩ ይመልሳል» አሉ። ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም።

ጭነት ሲወርድ ሞተሩን ድራይቩ ካዘዘው ፍጥነት አስበልጦ ሊያሽከረክረው ስለሚገፋ፣ ሞተሩ ኃይል አመንጪ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ በሬዚስተር የሚሠራው ዳይናሚክ ብሬኪንግም ሪጀነሬቲቩም አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው የመነጨው ኃይል የሚሄድበት ቦታ ነው።

የድራይቩን ካፓሲተሮች ጣሪያ ላይ እንደተቀመጠ ሮቶ እንያቸው። ከመስመሩ የሚገባው በዲዮዶች በኩል ነው፤ ዲዮድ ደግሞ ቼክ ቫልቭ ስለሆነ የገባውን አይመልስም። ሞተሩ በሌላው በኩል ሲሞላው፣ በ400 ቮልት ድራይቭ ላይ ወትሮ 540 አካባቢ የሚሆነው የዲሲ ቮልቴጅ ይወጣና 800 ገደማ ሲደርስ ድራይቩ ራሱን ለማዳን ሥራ ያቆማል። ሬዚስተሩ ሮቶው ሞልቶ ከመፍሰሱ በፊት የሚከፈት የትርፍ ውሃ ማፍሰሻ ቱቦ ነው፤ በቱቦው የወጣ ውሃ ወደ ከተማው መስመር እንደማይመለስ ሁሉ፣ ሬዚስተሩ የተቀበለው ኃይልም ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሪጀነሬቲቭ ለመባል በቼክ ቫልቩ ቦታ ወይም ከጎኑ፣ ወደ መስመሩ መልሶ መግፋት የሚችል ፓምፕ፣ ማለትም የትራንዚስተር ድልድይ፣ መግባት አለበት።

በዚያ ማንሻ ላይ 1,000 ኪሎ ግራም በሰከንድ 0.5 ሜትር ሲወርድ ስበት 4.9 ኪሎዋት ይሰጣል፤ የማርሹና የሞተሩ ብክነት ተቀንሶ ድራይቩ ዘንድ የሚደርሰው 3.7 ገደማ ነው። 60 ሜትር ለመውረድ 2 ደቂቃ ስለሚፈጅ ሬዚስተሩ ይህን ሙቀት ለ2 ሙሉ ደቂቃ መሸከም ነበረበት፤ የተገጠመው ግን ለጥቂት ሰከንዶች ብሬክ የተመረጠ ነበርና ሳምንት ሳይሞላው ውስጡ ተቃጥሎ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ድራይቩ ጭነት ሲያነሳ ደህና እየሠራ፣ ጭኖ ሲወርድ ብቻ «OV»፣ ማለትም የቮልቴጅ መብዛት፣ እያሳየ ይቆም ጀመር። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሬዚስተሩ ስለሆነ፣ ኃይሉ ተቋርጦ ካፓሲተሮቹ እስኪራገፉ ከተጠበቀ በኋላ በኦሞሜትር ይለካል። በእያንዳንዱ መቆም ጭነቱን የያዘው ሜካኒካል ፍሬኑ ነው፤ ጭነትን አንጠልጥሎ ማቆየት የሬዚስተርም የሪጀነሬቲቭ ድራይቭም ሥራ አይደለም።

ለትልቅ የአየር ማራገቢያ ነገሩ ይቀላል። በሚሽከረከረው አካል ውስጥ የተጠራቀመው ጉልበት የተወሰነ ስለሆነ፣ አንዴ ከቆመ ያበቃል። የማቆሚያው ጊዜ ከ10 ሰከንድ ወደ 2 ደቂቃ ቢረዝም ብዙውን ጊዜ ሬዚስተር እንኳ ላያስፈልግ ይችላል፤ ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ለምን እንደሚቸኮል ነው።

ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ነገር ልጨምር። መብራት ጠፍቶ ሳይቱ በናፍጣ ጀነሬተር ሲሠራ፣ ሪጀነሬቲቭ ድራይቩ የሚመልሰውን ኃይል እዚያው የሚበላው ሌላ ጭነት ከሌለ ኃይሉ ጀነሬተሩን ይገፋዋል፤ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ መከላከያውም ሊቆርጠው ይችላል። መብራት ቶሎ ቶሎ ለሚጠፋበት ሳይት እኔ በትክክል የተሰላ ሬዚስተር እመርጣለሁ።